የማታ ተማሪዋ ሳምንት

የእህቴ ልጅ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ማታ ቤቴ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከደብተሯ መሐል የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አክስቴ፣ ፕሮግራም አውጥቻለሁ። እስቲ እዪልኝ» አለችኝ።

ወረቀቱ ያምራል። በማስመሪያ ተሰምሯል። ሥራ በሰማያዊ፣ ክፍል በቀይ፣ ጥናት በአረንጓዴ ተቀብቷል። አረንጓዴው በሙሉ የተደረደረው ከምሽቱ 3:30 እስከ ሌሊቱ 6:30 ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በየቀኑ ሦስት ሰዓት። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ።

እኔም እዚሁ ሀዋሳ ቀን እየሠራሁ ማታ አካውንቲንግ ስማር፣ መጀመሪያ ያወጣሁት ፕሮግራም እንደዚሁ ነበር። ከክፍል እመለሳለሁ፣ እራት እበላለሁ፣ እስከ እኩለ ሌሊት አጠናለሁ ብዬ ነበር። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳለ ሳላውቅ የተኛሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። በሰባተኛው ሳምንት የሚድ ፈተና ከወር መጨረሻ የደመወዝ ሥራ ጋር ገጠመብኝ። ስታቲስቲክስን ደግሜ መማር ነበረብኝ። የከፈልኩት ገንዘብ አይደለም እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ያ ሁሉ ሌሊት ነው።

ስለዚህ ልጅቷን «ጎበዝ» ብዬ ልሸኛት አልቻልኩም። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላትና «ይኼን አስቀምጪው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት እንቁጠር» አልኳት።

የእሷ ነገር እንዲህ ነው። መናኸሪያ አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:00 ትገባለች፣ ከቀኑ 11:00 ትወጣለች፣ መሐሉ ላይ የአንድ ሰዓት ምሳ አለ። በሳምንት 48 ሰዓት ማለት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለመደበኛ ሥራ የሚፈቅደው ጣሪያ። ማታ ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ11:30 እስከ 2:30 ክፍል አላት። ኮርሶቹ ሦስት ናቸው፦ ሰኞ ኮስት አካውንቲንግ፣ ረቡዕ ስታቲስቲክስ፣ ዓርብ የቢዝነስ ኮሙኒኬሽን። የምትኖረው ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር አላሙራ በኩል ነው።

ቆጠራው ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ገዛን። በየግማሽ ሰዓቱ ምን እንደሠራች በአንድ ቃል ትጽፋለች። «ባጃጅ»፣ «ወጥ»፣ «ስልክ»፣ «ተኛሁ»። ምንም ነገር ለማስተካከል አትሞክርም፤ እንደ ወትሮዋ ትኖራለች። ማታ ላይ አስታውሼ እሞላዋለሁ ማለት አይሠራም። የሰው ትዝታ የሚያስቀረው ትልልቁን ሥራ ነው፤ ጊዜውን የሚበላው ደግሞ ትንንሹ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። በጣም የገረማት መንገዱ ነው። «ከቤት ሥራ ቦታ 15 ደቂቃ ነው» ትል ነበር። ደብተሩ 35 አለ። 15 ደቂቃው ባጃጅ ላይ የምትቀመጥበት ብቻ ነበር። እስከ አስፋልቱ በእግር የምትሄደው፣ ባጃጁ እስኪሞላ የምትጠብቀው፣ ወርዳ የምትራመደው አልተቆጠረም። 35 ደቂቃ ደርሶ መልስ፣ በስድስት ቀን ሰባት ሰዓት ሞላ። ክፍል ባለባቸው ቀናት ወደ ግቢ ዞራ ስለምትመለስ ሌላ ሁለት ሰዓት ተጨመረ። ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ላይ። ባማረው ወረቀት ላይ መንገድ የሚባል ቀለም ጭራሽ አልነበረም።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራን። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሥራ 48፣ ምሳ 6፣ ክፍል 9፣ መንገድ 9። እንቅልፍ በቀን ሰባት ሰዓት፣ 49። የቤት ሥራ፣ ማለትም ምግብ፣ ልብስና ጽዳት፣ 14። መብላት፣ መታጠብና መልበስ 10። የእሑድ ቤተ ክርስቲያን 3። ቡና፣ ለቅሶና ዘመድ ጥየቃ 4። ድምሩ 152 መጣ። የቀረው 16 ሰዓት ነው።

«ይበቃል!» አለች ደስ ብሏት። «አስራ ስድስት ሰዓት እኮ ብዙ ነው።»

የሚፈለገውን ግን ገና አልቆጠርንም ነበር። የኮርሶቹን አውትላይን አስወጣኋት። ብዙ ተማሪ አውትላይኑን የሚያየው ስንት አሳይንመንት እንዳለ ለማወቅ ነው። እላዩ ላይ ያለችውን አንድ መስመር ማንም አያነባትም። እያንዳንዱ ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ይላል። አንድ ኢሲቲኤስ ደግሞ የተማሪው 27 የሥራ ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበትም፣ ለብቻው የሚያጠናበትም፣ አሳይንመንት የሚሠራበትም በዚያ ውስጥ ነው። 27 በ5 ሲባዛ 135 ሰዓት ይመጣል። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል። ሦስቱ ሰዓት ክፍል ነው፤ የቀረው አምስት ሰዓት ተኩል ከክፍል ውጭ ነው። ሦስት ኮርስ ሲሆን 16 ሰዓት ተኩል።

ያላት 16፣ የሚያስፈልጋት 16 ተኩል።

ዝም አለች። ከዚያ «ግማሽ ሰዓት ነች የጎደለችው፤ ከእንቅልፍ እወስዳታለሁ» አለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ አብዛኛው የማታ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ሒሳቡ ላይ የጎደለው ግማሽ ሰዓት አይደለም። የጎደለው ትርፍ የሚባለው ነገር በሙሉ ነው። እነዚያ 16 ሰዓታት የሚገኙት ወንድሟ ካልታመመ፣ ለቅሶ ካልተጨመረ፣ መብራት ካልጠፋ፣ አለቃዋ ዛሬ ትንሽ ቆዪ ካላላት ነው። እንደዚያ ያለ ሳምንት በሴሚስተር ውስጥ ስንት ጊዜ ይመጣል? አንድ ቀን የተበላሸ ጥናት ማስገቢያ ሲያጣ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይገፋል። የሚቀጥለውም ሙሉ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ትቀሪያለሽ፣ በሚድ ሰሞን ቸክለሽ ለማለፍ ትሞክሪያለሽ። ስታቲስቲክስ ደግሞ ተቸክሎ የሚታለፍ ኮርስ አይደለም።

እንቅልፉም ቢሆን ነፃ አይደለም። የመጀመሪያው ወረቀቷ ሲቆጠር 18 ሰዓት ጥናት ነበረው። የተገኘው ከሌሊቱ 6:30 ተኝታ ከንጋቱ 11:30 በመነሣት ነው፤ አምስት ሰዓት እንቅልፍ። ገንዘብ ተቀባይ ናት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ብር ሲቆጥር ይሳሳታል፣ የጎደለው ደግሞ ከደመወዟ ነው የሚቆረጠው። ይኼን ስነግራት ወዲያው ገባት፤ ከፈተናው በላይ ያስደነገጣት እሱ ይመስለኛል።

«እና ምን ላድርግ?»

«አንድ ኮርስ ቀንሺ።»

አልወደደችውም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጓደኞቼ ቀድመውኝ ሊመረቁ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ይቀድሟታል። ኮርስ መቀነስ ምረቃን ያርቃል፤ ይኼን ደብቄ ላጽናናት አልፈለግኩም። ግን እኔ ስታቲስቲክስን ስደግም ያው ሴሚስተር ነው የሄደብኝ፣ ያውም ሁለቴ ከፍዬ። ክፍያው በክሬዲት ከሆነ፣ አሁን ያልወሰድሽውን ኮርስ ገንዘቡን የምትከፍዪው በምትወስጂበት ጊዜ ነው። ወድቀሽ የምትደግሚውን ግን ሁለት ጊዜ ትከፍዪበታለሽ።

የትኛውን እንደምትቀንስ ለመወሰን በማግሥቱ በምሳ ሰዓቷ ሬጅስትራር ሄደች። አድ ድሮፕ የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ነበርና ጊዜ አልነበረንም። እንድትጠይቅ የነገርኳት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይኼ ኮርስ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ እንደገና የሚሰጠው መቼ ነው? ኮስት አካውንቲንግ አንደኛው ካልተወሰደ ሁለተኛው አይወሰድም። እሱን ማስቀረት ከኋላው ያለውን ሰንሰለት ሁሉ አንድ ዓመት ይገፋዋል። ስታቲስቲክስም እንዲሁ ከኋላው የሚጠብቁት አሉ። የዓርቡ ኮርስ ግን ምንም አልተንጠለጠለበትም፣ ክረምትም ይሰጣል ተባለች። እሱን አስወጣች። ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ስለነበር «ቀላሉን ትቼ ከባዱን?» ብላ ቅር ብሏት ነበር። ግን ኮርስ የሚቀነሰው በክብደቱ አይደለም። ከኋላው ማን እንደተሰለፈ ታይቶ ነው።

አሁን ሒሳቡ ተለወጠ። ከ16ቱ ላይ የዓርቡ ክፍል ሦስት ሰዓት ተጨመረና 19 ሆነ። የሚያስፈልጋት 11 ነው። ስምንት ሰዓት ተረፈ። እውነተኛው ፕሮግራም የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

በአሮጌ የግድግዳ ካሌንደር ጀርባ ላይ ሰባት ቋሚ መስመር አሰመርን። በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ አልፈቀድኩላትም። መጀመሪያ የገባው እንቅልፍ ነው፣ ከምሽቱ 4:30 እስከ ንጋቱ 11:30። ቀጥሎ ሥራና መንገዱ፤ መንገዱ ከሥራው ጋር አብሮ፣ በ35 ደቂቃው ልክ። ቀጥሎ ሁለቱ ክፍሎች። ቀጥሎ የቤት ሥራና እሑድ ጠዋት። ጥናት የገባው መጨረሻ ላይ፣ ባዶ ሆኖ በታየው ቦታ ነው።

ክፍል ያለበት ምሽት ላይ ጥናት የሚባል አልገባም። 2:30 ትወጣለች፣ ቤት ስትደርስ 3:10 ነው፣ እራት በልታ የነገ ልብሷን አዘጋጅታ 4:30 ይሆናል። ሰውነቷ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ውሏል። እዚያ ላይ የሚጻፍ ጥናት ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ጥናት ነው።

በእሱ ፈንታ በማግሥቱ ጠዋት ተያዘ። የሰኞ ኮስት ማክሰኞ ጠዋት፣ የረቡዕ ስታቲስቲክስ ሐሙስ ጠዋት፣ ከንጋቱ 11:45 እስከ 12:45። ቅርበቱ ሆን ተብሎ ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በአውሮፓውያን 1885 በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳተመው ውጤት አለ። ሰው ከተማረው አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየዘገየ ይሄዳል። የሰኞን ትምህርት እስከ እሑድ ካቆየችው እንደ አዲስ ልትማረው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ካገኘችው ግን ገና ትኩስ ነው።

ያ አንድ ሰዓት እንዴት እንደሚያልፍ ልንገራችሁ። ደብተሩ ተዘግቶ ነው የሚጀመረው። ባዶ ወረቀት ታወጣለች፣ ትናንት መምህሩ ምን እንዳለ የምታስታውሰውን ትጽፋለች። አሥር ደቂቃ። ከዚያ ደብተሯን ከፍታ የቀረውን በሌላ ቀለም ትሞላለች። በሌላ ቀለም የተጻፈው የማታውቀው ነው፤ ቁጭ ብሎ ይታያታል። የቀረውን ሰዓት አንድ ጥያቄ ትሠራለች። አንድ ብቻ፣ ግን እስከ መጨረሻው። እናቷ ጧት ለጸሎት ስለምትነሣ መብራት በርቶ ይጠብቃታል፣ ወንድሟ ተኝቷል፣ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው።

ዓርብና ቅዳሜ ጠዋትም እንዲሁ አንድ አንድ ሰዓት ተያዘ። ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ባዶ ናቸው። ማታ ክፍል ስላለ ቀኑ ረጅም ነውና እንቅልፍ ትጨምርባቸው። ማክሰኞ ማታ ከ1:00 እስከ 3:00 የስታቲስቲክስ መልመጃ። ዓርብ ከሥራ በኋላ ሁለት ሰዓት ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ግቢ ቤተ መጻሕፍት። እሑድ ከቀኑ 8:30 እስከ 11:30 ሦስት ሰዓት፣ አሳይንመንት የሚጻፈው እዚህ ነው። ተደመረ፣ 11 ሰዓት።

ሐሙስ ማታ ባዶ ቀረ። «እዚህስ ምን ላስገባ?» ስትል እርሳሱን ከእጇ ወሰድኩና «ማስገቢያ» ብዬ ጻፍኩበት። በሳምንቱ ውስጥ የተበላሸው ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ምንም ካልተበላሸ ታርፋለች፣ ከፈለገች ፍቅር ሐይቅ ወርዳ ነፋስ ትቀበላለች። ብቻ አስቀድሞ አይሞላም።

ከሁሉም የከበደን ግን ጥናቱ አልነበረም። በሥራና በክፍል መሐል ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። 11:00 መውጣት፣ 11:30 ክፍል መግባት። ወረቀት ላይ ትበቃለች። በቆጠራው ሳምንት ሰኞ ዕለት ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን «11:25 ወጣሁ» ነው። ምክንያቱም መደብሩ በ11:00 ይዘጋል እንጂ ካዝናው አይዘጋም። ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ከማሽኑ ሪፖርት ጋር ይመሳከራል፣ ካልገጠመ እንደገና ይቆጠራል። ሰኞ ደግሞ ከእሑድ የተጠራቀመ ገዢ ሁሉ የሚመጣበት ቀን ነው። ኮስት አካውንቲንግ ላይ መምህሩ የመጀመሪያውን ምሳሌ ሠርቶ ሲጨርስ ነበር የምትደርሰው።

ይኼን የትኛውም ፕሮግራም አይፈታውም፤ የሚፈታው ሥራ ቦታ ነው። «አለቃሽን ቀድመሽ ልውጣ ብለሽ አትጠይቂው፤ ቆጠራውን ለሁለት እንክፈለው በይው» አልኳት። ከቀኑ 10:00 ላይ ከማሽኑ ኤክስ ሪፖርት ታወጣለች። ኤክስ ሪፖርት እስከዚያ ሰዓት የተሸጠውን ያሳያል እንጂ ማሽኑን አይዘጋውም። በዚያ ልክ ገንዘቡን ትቆጥራለች፣ ታስራለች፣ አለቃዋ ፈርሞ ይረከባታል። 11:00 ላይ የሚቀረው የአንድ ሰዓት ሽያጭ ብቻ ነው። ዜድ ሪፖርቱ ያኔ ይወጣል፣ ቀኑ ይዘጋል። አለቃዋ አንድ ሳምንት ሞከረውና ወደደው፤ ገንዘቡ በጊዜ ወደ ባንክ ሊሄድለት ሆነ። እሷ 11:08 ላይ መንገድ ላይ ናት።

ፕሮግራሙ ቁም ሣጥን በር ላይ ተለጠፈ። እሑድ እሑድ አሥር ደቂቃ እያየን የተሠራውን ሳጥን በራይት ምልክት፣ ያልተሠራውን ባዶ ትተን እናልፋለን። የተስማማነው አንድ ነገር ነው። አንድ ሳጥን አንድ ሳምንት ባዶ ቢሆን ምንም አይባልም። ያው ሳጥን ሁለት ሳምንት በተከታታይ ባዶ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሳጥኑ ነው፣ ይዛወራል። እሷ ግን መጀመሪያ የምትቆጣው በራሷ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ባዶ ሆነ። በአራተኛውም። «ሰነፍ ሆኛለሁ» አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ ለካ በሰፈራቸው ውኃ የሚለቀቀው ማክሰኞ ማታ ሆኖ ነው። ጀሪካን ይሞላል፣ በርሜል ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል። በቆጠራው ሳምንት ውኃው በሌላ ቀን መጥቶ ስለነበር ደብተሩ ላይ አልታየም። ላጲስ አነሣን። የስታቲስቲክሱ ሁለት ሰዓት ወደ ሐሙስ ማታ ሄደ፣ «ማስገቢያ» ወደ ማክሰኞ መጣ። ሐሙስ እንዲያውም ተሻለ፤ ጠዋት ላይ ያልገባትን ማታ በመልመጃ ታገኘዋለች። ከዚያ በኋላ ያ ሳጥን ባዶ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ለቅሶ ነበር።

ከሳምንቱ በላይ ያለውንም አንድ ጊዜ አይተነዋል። የሴሚስተሩን 16 ሳምንታት በሌላ ወረቀት በአንድ ረድፍ ጻፍንና የሚጋጩትን ምልክት አደረግንባቸው። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። ሀዋሳ ላይ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ቤታቸውም ዘመድ ያርፋል። የዚያ ሳምንት ጥናት በግማሽ ተቀነሰ፣ የቀረው ቀደም ብሎ ወዳለው ሳምንት ተሸጋሸገ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ዓቢይ ጾም አለ። በ55ቱ ቀን ውስጥ ምሳ ዘግይቶ ስለሚበላ ማታ የምትደክመው ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ የማታ መልመጃ ወደ እሑድ ይሄዳል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም አለ። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው ነው የሚወስኑት። በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ በእርሳስም አይጻፍም፤ ሲታወጅ «ማስገቢያው» ይይዘዋል።

ለፋይናል ደግሞ ፈቃዷን እንጠቀማለን። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት የሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ብዙ ሰው ፈቃዱን ለሠርግና ለበዓል ጨርሶት ፈተና ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል። እሷ ስድስቱን ቀን ለሁለቱ ፋይናሎች አስቀመጠች፤ ለእያንዳንዱ ሴሚስተር ሦስት ሦስት። ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገባችው የፈተናው ፕሮግራም እንደወጣ ነው። አለቃዋ በመጨረሻው ሳምንት ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምትክ ስለማያገኝ እምቢ ማለቱ አይቀርም ነበር።

ስታቲስቲክስን በሚድ ከ30 ያገኘችው 24 ነው። ስትነግረኝ ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከአእምሮ ይልቅ ሰዓት ያጣሁበት ኮርስ ነበር።

ባለፈው እሑድ ደግሞ በአዲስ ካሌንደር ጀርባ ላይ ሰባት ቋሚ መስመር አሰምራ መጣች። ለሁለተኛው ሴሚስተር ነው። «ሦስት ልወስድ አስቤ ነበር» አለችኝ፣ «ግን ሰኔ ላይ የዕቃ ቆጠራ አለ።» የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ መደብሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሚስማርና ቱቦ ይቆጠራል። ሠራተኛው እስከ ማታ ይቆያል፣ ፋይናልም ያው ሰሞን ነው። እኔ ሳልነግራት አለቃዋን ጠይቃ ቆይታለች። ቆጠራው ከሰኔ 27 ጀምሮ ነው ብሏታል። የሰኔን መጨረሻ ሳምንት ገና ባዶ በሆነው ወረቀት ላይ በእርሳስ አጥቁራዋለች። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ሁለት ኮርስ» ብላ ጽፋለች።